«ቀላልና ተጫዋች ሰው ነኝ» ብዬ ጻፍኩ፤ የመጣልኝ ግን ሌላ ነው

ጥያቄ

ጤና ይስጥልኝ እትዬ። የ34 ዓመት ወንድ ነኝ። በዲቪ መጥቼ ሲልቨር ስፕሪንግ መኖር ከጀመርኩ አምስት ዓመት ሆነኝ። ፋርማሲ ውስጥ በቴክኒሽያንነት እሠራለሁ። ጥሩ ሰው ትሁን እንጂ ሐበሻም ሆነች ፈረንጅ ግድ የለኝም ብዬ ሂንጅ የሚባለው የፍቅረኛ መፈለጊያ አፕ ላይ ፕሮፋይል ከፈትኩ። በእንግሊዝኛ የጻፍኩት ይኼ ነው፦ «አይ አም ኢዚ፣ ኦፕን ኤንድ ፕሌየር። አይ ሃቭ ቢግ ፋሚሊ ኢን አዲስ። አይ ወርክ ኢን ሜዲካል። አይ አም ጋድ ፊሪንግ ኤንድ አይ ዋንት ሲሪየስ ገርል።»

ሁለት ወር ሙሉ የረባ ነገር አልመጣም። ከጻፉልኝ ሁለት ሴቶች አንዷ ገና ሰላም ሳንባባል ማታውኑ ቤቷ እንድመጣ አድራሻዋን ላከችልኝ። እዚህ የተወለደችው የአክስቴ ልጅ ፕሮፋይሉን አይታ በሳቅ ፈረሰች። ከዚያ እሷው ጻፈችልኝ። አቤት እንግሊዝኛ! በሳምንት ውስጥ አምስት ማች መጣ። ከአንዷ ጋር ቡና ልንጠጣ ተገናኘን፤ ግማሽ ሰዓት አልቆየንም። ስትሄድ «ከጽሑፍህ ጋር አትመሳሰልም» አለችኝ።

እትዬ፣ በአማርኛ ቤት የማስቅ ሰው ነኝ። እሁድ እሁድ አክስቴ ቤት ቡና የማፈላው እንኳ እኔ ነኝ። የራሴን ጽሑፍ ብመልስ መሳቂያ ነው፤ የአክስቴን ልጅ ብተወው ደግሞ ውሸት ሆነብኝ። ምን ይሻለኛል?

መልስ

ወንድሜ፣ አልዋሽህም፣ እኔም ስቄያለሁ። የሳቅኩት ግን በእንግሊዝኛህ አይደለም። አንተ ለማለት የፈለግከው ሰውዬና ጽሑፉ የሚያሳየው ሰውዬ ፈጽሞ የማይተዋወቁ ስለሆኑ ነው።

እስቲ መጀመሪያ በአማርኛ ያሰብከውን ልገምት። «ቀለል ያልኩ፣ ግልጽና ተጫዋች ሰው ነኝ።» ልክ ነኝ? እናቴ ብትሰማ «የማን ልጅ ነው?» ብላ የምትጠይቅለት ሰው ነው። ሦስቱንም ቃላት ከመዝገበ ቃላት አውጥተህ ነው ያስቀመጥካቸው፤ መዝገበ ቃላቱም አልዋሸህም። ችግሩ ቃላቱ ፍቅረኛ መፈለጊያ ላይ ሲወጡ ሌላ ሥራ ያላቸው መሆኑ ነው።

«ኢዚ» ፈተና ሲሆን ቀላል ነው፤ ሰው ሲሆን ግን ማንም የጠራው ጋ የሚሄድ ማለት ይሆናል። በተለይ ለሴት ሲባል ስድብ ነው። አንተ የፈለግከው «ኢዚጎይንግ» ነው፤ ነገር የማያካብድ፣ የማይነጫነጭ። አንዲት ጅራት ብቻ ናት የጎደለችው። ለነገሩ የእኛም «ቀላል» እንደዚያው ነው። «እሱ ቀላል ሰው አይደለም» ሲባል ኩሩ ነው ማለት አይደለም አይደል? «ኦፕን» ደግሞ አንተ ጋ ሆዱ ውስጥ ነገር የማይቋጥር ነው። አፑ ላይ የምታነበው ሴት ግን ፍቅረኛ ይዞ ሌላም የሚፈልግ፣ የተፈቃቀደ ግንኙነት ውስጥ ያለ ሰው ብላ ነው የምትረዳው፤ እዚያ ቃሉ ለዚህ ነው የሚውለው። «ፕሌየር»ን የአክስትህ ልጅ ሳትነግርህ አትቀርም። ተጫዋች ያልከው ጨዋታ የሚያውቀውን ነው፤ እንግሊዝኛው የሚያውቀው ወይ ኳስ ተጫዋቹን፣ ወይ በሴት ላይ ሴት የሚደራርበውን ነው።

አሁን ሦስቱን ገጣጥመህ አንብባቸው። ማንም ጋ የሚሄድ፣ ሌላ ቢኖረውም የማይጨንቀው፣ በሴት የሚጫወት። ያቺ አድራሻዋን የላከችልህ ልጅ ምንም አላጠፋችም። የጻፍከውን በደንብ አንብባ ነው የመለሰችልህ።

ይኼ የሰዋስው ስህተት አለመሆኑን ልብ በል፤ እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። «ኤ» እና «ዘ» ቢጎድልህ፣ «ኢን» በሚባልበት «ኦን» ብትል የሚቀየምህ የለም። አንባቢዋ እንግሊዝኛ ሁለተኛ ቋንቋው ነው ብላ ታልፈዋለች። እንዲያውም ደስ የሚላት አለች። ጉዳት ያለው ሰዋስው ሳይሳሳት ትርጉም የሚሳሳተው ላይ ነው፤ ዓረፍተ ነገሩ ሙሉና ንጹሕ ስለሆነ የጻፍከውን ማለት የፈለግከው ይመስላታል። እኔ አዲስ በመጣሁ ሰሞን ሥራ ቦታ «አይ አም ቦሪንግ» ስል ከረምኩ። ደብሮኛል ማለቴ ነበር። ለካ በየቀኑ ለሥራ ባልደረቦቼ «እኔ ደባሪ ነኝ» እያልኩ ነው። አንድ ቀን አንዷ «አይ፣ ለእኔ አትደብሪኝም» ብላ አቀፈችኝ። ያኔ ነው የገባኝ።

ሌላው ዓረፍተ ነገርህ ከዚህም ይብሳል፤ እንዳያመልጥህ። «ቢግ ፋሚሊ ኢን አዲስ» ስትል እናትህን፣ አባትህን፣ ወንድምና እህቶችህን አስበህ ነው። ለእኛ ቤተሰብ ማለት ከየት እንደመጣህ ነው። እዚህ ግን አንድ የ34 ዓመት ወንድ «ፋሚሊ አለኝ» ካለ መጀመሪያ የሚታሰበው ሚስትና ልጆች ነው። ያውም ትልቅ፣ ያውም አዲስ አበባ ያስቀመጣቸው! ስንት ደህና ልጅ እዚያች መስመር ላይ ደርሳ እንዳለፈችህ እግዜር ይወቅ። መፍትሔው ግን ቀላል ነው፤ ቤተሰቡን በስም መጥራት። «ማይ ፓረንትስ ኤንድ ፎር ሲስተርስ ሊቭ ኢን አዲስ» ብትል ያበቃል። ቁጥሩን የራስህን አድርገው እንጂ።

«ሜዲካል» ላይ ደግሞ ልጠይቅህ። ስትጽፈው እውነት ቃሉ ጠፍቶህ ነው ወይስ ትንሽ ከፍ እንዲል ፈልገህ? አልፈርድብህም፤ ብዙዎቻችን አድርገነዋል። ግን «ሜዲካል» ያነበበች ሴት ሐኪም ወይም ነርስ ብላ ትመጣለች፤ ፋርማሲ ቴክኒሽያን መሆንህን ስትሰማ ሥራውን ሳይሆን መሸፋፈንህን ነው የምትይዘው። «ፋርማሲ ቴክኒሽያን» የታወቀ ሥራ ነው፤ ሥራ የሚሞላበት ቦታ ላይ እንዳለ ጻፈው። ደግሞ ሌላም አለ። አሜሪካ ውስጥ ሴቶች ከኢንተርኔት የፍቅር አጭበርባሪ ተጠንቀቁ እየተባሉ ነው የሚኖሩት። አጭበርባሪዎቹ ደጋግመው ከሚለብሷቸው ልብሶች አንዱ ሩቅ አገር ያለ ሐኪም ነው፤ ሌላው ወታደር። አንተ «ሜዲካል» ብለህ፣ የሃይማኖትህን ስም ሳትጠራ «ጋድ ፊሪንግ» ጨምረህ፣ ከዚያ ውጭ አገር ቤተሰብ ስታስከትል ሳታውቀው የእነሱን ኮት ለብሰህ ወጣህ።

ፈሪሃ እግዚአብሔር ያለህ ሰው መሆንህን ደብቅ አላልኩህም። ሃይማኖት የሚሞላበት ለብቻው ቦታ አለ፤ እዚያ ሙላ። ከቅጽሉ ይልቅ ግን የሚታየውን ነገር ጻፍ። የምትጾም ከሆነ ረቡዕና ዓርብ ሥጋና ወተት አለመብላትህ ከ«ጋድ ፊሪንግ» አሥር እጥፍ ይናገራል፤ ዓርብ ማታ በርገር ቤት ተቀጣጥራችሁ ውኃ ብቻ ከመጠጣትም ያድንሃል። «ኦርቶዶክስ» ብቻውን ለፈረንጅ የአይሁድ ኦርቶዶክስም የግሪክም ሊመስላት ስለሚችል «ኢትዮጵያን ኦርቶዶክስ» በል።

የቀረው «ሲሪየስ ገርል» ነው። «ሲሪየስ» ከሰው ፊት ሲቀመጥ የተኮሳተረች፣ የማትስቅ ማለት ነው። ከግንኙነቱ ፊት ሲቀመጥ ግን፣ «ሲሪየስ ሪሌሽንሺፕ» ሲሆን፣ አንተ ያልከው ቁምነገር ይሆናል። «ገርል» ደግሞ የእኛ «ልጅት» አይደለችም። እኛ ሠላሳ አምስት ዓመቷንም «ጥሩ ልጅ ናት» እንላለን። እዚህ ግን 34 ዓመት የሞላው ሰው «ገርል እፈልጋለሁ» ሲል ትንሽ ይቀፋል፤ «ዉማን» ነው የሚባለው። ይኼንን እንዲያውም በጽሑፍ መግለጽ አያስፈልግህም። ሂንጅ የምትፈልገውን ግንኙነት የሚያስመርጥበት ቦታ አለው። እዚያ Life partner እና Long-term relationship የሚሉ አማራጮች ታገኛለህ። የመጀመሪያው ለትዳር የቀረበ ነው፤ ሁለተኛው ዘላቂ ፍቅር፣ ከዚያ እናያለን ዓይነት ነው። የቱ ነው ያንተ እውነት? ለእኔ አትንገረኝ፤ ለራስህ መልስና እሱን ምረጥ።

ወደ አክስትህ ልጅ ጽሑፍ ልምጣ። እሷ የጻፈችውን አልላክህልኝም፤ ግን ሳልገምተው አልቀርም። «ሰርካስቲክ» የሚል አለበት? «አድቬንቸረስ»? ቃላት በቃላት ላይ የምታጫውት አንዲት ቀልድ? እንደዚያ ከሆነ ያቺ ልጅ ቡና ቤት የመጣችው የአክስትህን ልጅ ልታገኝ ነው። «አትመሳሰልም» ያለችህ ሰውነትህን ወይም እንግሊዝኛህን ንቃ አይመስለኝም። በጽሑፍ የሰማችው ድምፅ ሌላ ነበር፤ በአካል ሌላ ድምፅ ሰማች። አንተም እኮ ያን ግማሽ ሰዓት ያንን ሰውዬ ልትተውንላት ስትጨነቅ ነው ያሳለፍከው ብዬ እጠረጥራለሁ። ዝም ያልከው እንግሊዝኛ ጠፍቶህ ነው ወይስ ከጽሑፉ እንዳታንስ ፈርተህ? ይኼን አስብበት። መልሱ ሁለተኛው ከሆነ የሚቀየረው ጽሑፉ እንጂ አንተ አይደለህም።

እኔ የምለው ሦስተኛ መንገድ ነው። ራስህ ጻፍ፣ በምትናገረው እንግሊዝኛ ልክ ጻፍ፣ ግን ቅጽል አትጠቀም። ቅጽል ነው ገደል የከተተህ። «ተጫዋች»፣ «ግልጽ»፣ «ቀላል» የሚሉት ቃላት ባህል የተሸከሙ ናቸው፤ ሲሻገሩ ጭነታቸው ይወድቃል። «ቡና አፈላለሁ» ግን በየትኛውም ቋንቋ ቡና አፈላለሁ ነው።

ደብዳቤህ ውስጥ እንደ ዋዛ ጣል ያደረግከው ነገር ወርቅ ነው። እሁድ እሁድ አክስትህ ቤት ቡና የምታፈላው አንተ ነህ! ይኼን በዘጠኝ ቃል ጽፈህ አለፍክ፤ ለፕሮፋይልህ ግን «ፕሌየር» ሰጠኸው። ሂንጅ ሦስት ጥያቄ አስመርጦ ያስመልስሃል፤ ለእያንዳንዱ 150 ፊደል ነው ያለህ። ከጥያቄዎቹ አንዱ Typical Sunday ይላል። ይኼ ጥያቄ ላንተ ተብሎ የተሠራ ነው። እንዲህ ብትመልስስ፦ «ኦን ሰንደይስ አይ ሜክ ኮፊ አት ማይ አንትስ ሃውስ። ኢት ቴክስ ቱ አወርስ ኤንድ ስሪ ካፕስ። ኖባዲ ሊቭስ ኧርሊ።» በላቲን ፊደል ስትጽፈው ባዶ ቦታውንም ጨምሮ ልክ 100 ፊደል ነው። እኔ ቆጥሬዋለሁ።

ምን እንደሠራች ተመልከት። «ቤተሰብ እወዳለሁ» አላልክም፤ አክስትህ ቤት ነህ። «ተጫዋች ነኝ» አላልክም፤ ቶሎ የሚሄድ የለም። ሦስት ሲኒ ስትል አቦል፣ ቶናና በረካ ምን እንደሆኑ አላስረዳህም፤ «ለምን ሦስት?» ብላ የምትጠይቅህ ሴት ትመጣለች። የመጀመሪያ መልእክቷን አንተው ጽፈህ ሰጠሃት ማለት ነው። ዓረፍተ ነገሮቹም ሦስት አጫጭር፣ ሁሌ የሚደረግ ነገር የሚናገሩ ናቸው። በዚህ ዓይነት አጻጻፍ መሳሳት ከባድ ነው፤ ነገ ቡና ቤት ቁጭ ብለህም ልክ እንደዚሁ መናገር ትችላለህ። የቡና ረከቦቱ ጋ የተነሳኸው ፎቶ ካለህ ከስድስቱ ፎቶዎች አንዱ እሱ ይሁን።

ሁለተኛው ጥያቄ I'm looking for ይሁን። እዚህም ቅጽል አትደርድር። «ሳምዋን ሁ» ብለህ ጀምርና ግስ አስከትል፤ ምን የምታደርግ ሴት? የምትደውል? የተቀጠረችበት ሰዓት የምትመጣ? በእጇ የምትበላ? ከልብህ የምትፈልገውን አንድ ነገር ምረጥ። አንድ ብቻ። «ጨዋ፣ ታማኝ፣ ትሑት» ብሎ መደርደር እኛ ጋ ምኞት ነው፤ እዚህ የሥራ ማስታወቂያ ይመስላል፤ ያነበበችውም ከዚህ በፊት በጨዋነት ጉዳይ የተጣላኸው ሰው ያለ ይመስላታል።

ሦስተኛው ላይ ቋንቋውን ራሱን አንሳው። ስለ ራስህ የሚጠይቅ የትኛውንም ጥያቄ ምረጥና «ኢንግሊሽ ኢዝ ማይ ሰከንድ ላንጉጅ። አይ አም ፈኒየር ኢን አማሪክ» በል። ይኼን ስትጽፍ ይቅርታ አትጠይቅ። «ሶሪ ፎር ማይ ኢንግሊሽ» ከገባ አንባቢዋን የምታዝን ያደርጋታል፤ «በአማርኛ ይበልጥ አስቃለሁ» ግን ያስፈግጋታል። ቡና ቤት ውስጥ የተከሰተውን ችግርም አስቀድሞ የሚፈታው ይኼ መስመር ነው። ስትገናኙ ቃል ፈልገህ ለአፍታ ዝም ብትል የምታውቀው ነገር ነው፤ ምናልባት ቃሉን ታቀብልሃለች።

የአክስትህን ልጅ ግን አታባርራት፤ ሥራዋን ቀይርላት። ጽፈህ ከጨረስክ በኋላ ስልኩን ስጣትና «አስተካክዪልኝ» አትበላት። አስተካክዪ ካልካት እንደገና ራሷን ትጽፋለች። «ይኼን የጻፈው ሰውዬ ምን ይፈልጋል? ሚስት አለው? ሥራው ምንድን ነው?» ብለህ ጠይቃት። መልሷ ካንተ እውነት ጋር ከገጠመ አለቀ፤ «ኤ» ቢጎድልም ተወው። ካልገጠመ የትኛው ቃል እንዳሳሳታት አሳይታህ፣ ቃሉን አንተው ቀይረው። ከተቻለ አንተን የማያውቅ ሰው ቢያነበው ይሻላል። እሷ ስለምታውቅህ የጎደለውን በሐሳቧ ትሞላዋለች። ሥራ ቦታ የምትቀርባት፣ እዚህ የተወለደች ባልደረባ የለችህም?

ብቻህን ሆነህ አንድ ሐረግ ከተጠራጠርክ ደግሞ ሐረጉን በትእምርተ ጥቅስ ውስጥ አድርገህ ጉግል ላይ ፈልገው። ትርጉሙን አይደለም የምታየው፤ ማን፣ ስለ ምን ሲናገር እንደተጠቀመበት ነው። ለምሳሌ ሰው ሁሉ እንደሚለው «ቺል ማድረግ እወዳለሁ» ብለህ ከፊልም ማየት ጋር አጣምረህ ልትጽፍ ብታስብ፣ ፍለጋው ሐረጉ አልጋ ቤት ድረስ እንደሚሄድ በአንድ ደቂቃ ያሳይሃል። «ሃቭ ፈን» የሚለውም እንደዚያው ነው። እኛ መዝናናት ያልነውን እዚያ የአንድ ማታ ጉዳይ ነው የሚያደርጉት።

አንድ ነገር ልንገርህ፤ ማቹ ሊቀንስ ይችላል። በአክስትህ ልጅ ጽሑፍ በሳምንት አምስት መጥቶልህ ነበር፤ በራስህ ሁለት ቢመጣ አትደንግጥ፣ ወደ እሷም አትመለስ። ለሦስት ሳምንት ሳትነካካው ተወው። ከዚያ የመጡልህን መልእክቶች ቁጥራቸውን ሳይሆን መጀመሪያ ምን እንዳሉ እይ። «ሄይ» ብቻ ከሆኑ የእሁዱን መልስ ወይም ፎቶውን ቀይር። ስለ ቡናው የጠየቀች ካለች ጽሑፉ ሥራውን ሠርቷል።

እና ያቺን የግማሽ ሰዓቷን ልጅ በተመለከተ፦ ቁጥሯ ካለህ አንድ አጭር መልእክት ብትልክላት አይከፋኝም። ጽሑፉን የአክስትህ ልጅ እንደጻፈችው፣ እሷ «አትመሳሰልም» ማለቷ ልክ እንደነበረ፣ አሁን ራስህ እንደጻፍከው ንገራትና አዲሱን ላክላት። እንድትመለስ አትለምን። ላትመልስልህ ትችላለች። ከመለሰች ግን ቀጠሮው ቡና ቤት ባይሆን ደስ ይለኛል፤ ውጭ በእግር እየሄዳችሁ ብታወሩ ይሻላል፤ ፊት ለፊት ከመፋጠጥ ይልቅ እየተራመዱ ቃል መፈለግ ይቀላል። አክስትህ ቤት ለመጥራት ግን ገና ነው። ፈረንጅ ከሆነች ሁለት ሰዓት፣ ሦስት ሲኒና አሥራ አንድ ዘመድ በአንድ ቀን ይከብዳታል።